ከጅግጅጋ እስከ አሶሳ 33 ደቂቃ፦ ስለ ፀሐይ መውጫና መግቢያ ለተጻፈው ምላሽ

«አሶሳ ላይ ፀሐይ ዘግይታ የምትወጣው ሀገሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በስተምሥራቅም የመሐል ሀገሩ ደጋ ስለሚጋርዳት ነው። ጅግጅጋ ግን ሜዳ ላይ ስለሆነች ቶሎ ታያታለች።»

በጥቅስ የማስቀምጠው ሁሉ የምመልስለት ጽሑፍ ቃል ነው። ጸሐፊው የመረጧቸው ሁለት ከተሞች ራሳቸው ይመሰክሩባቸዋል። አሶሳም ጅግጅጋም ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በኬክሮስም ቢሆን አንዷ 10ኛው ዲግሪ ላይ፣ ሌላዋ 9ኛው ተኩል ግድም ስለሆኑ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። በጉልህ የሚለያዩት በኬንትሮስ ብቻ ነው። አሶሳ 34.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስትሆን ጅግጅጋ 42.8 ላይ ናት። ከፍታው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ከተሞች ፀሐይን እኩል ባዩ ነበር።

መሬት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ማለት ነው። በእኛ ኬክሮስ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ወደ ምሥራቅ 27 ኪሎ ሜትር በተጓዝን ቁጥር ፀሐይ አንድ ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች። (ከአየር ጤና እስከ አያት ያለው ርቀት አንድ ደቂቃም አይሞላም፤ አዲስ አበቤ ይህን ልብ ሳይለው የሚኖረው ለዚህ ነው።) በአሶሳና በጅግጅጋ መካከል 8.3 ዲግሪ፣ በቀጥታ መስመር ወደ 900 ኪሎ ሜትር አለ። በአራት ስናባዛው 33 ደቂቃ ይመጣል።

በቀን እንየው። መጋቢት 11 ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ጅግጅጋ ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ 12:13 ትወጣለች፣ ምሽት 12:20 ትገባለች። አሶሳ ላይ 12:46 ወጥታ ምሽት 12:53 ትጠልቃለች። ጸሐፊው የተመለከቱት የጠዋቱን ብቻ ነው። የማታውን ቢያዩ ኖሮ ተራራው ምክንያት አለመሆኑን ወዲያው ይረዱት ነበር፤ ምክንያቱም አሶሳ ላይ ፀሐይ ስትወጣ በ33 ደቂቃ ብትዘገይም ስትገባም የምትዘገየው በዚያው ልክ ነው።

ተራራ እንዲህ አይሠራም። በምሥራቅ ያለ ጋራ ጠዋትን ያዘገያል እንጂ ማታን አያስረዝምም። በምዕራብ ያለ ጋራ ደግሞ ማታን ያሳጥራል እንጂ ጠዋትን አይነካም። በሁለቱም በኩል ጋራ ቢኖር ቀኑ ከሁለቱም ጫፍ ይቆረጣል። ልኩንም ማወቅ ቀላል ነው፤ ከአድማስ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚታይ ጋራ ፀሐይን 20 ደቂቃ ያህል ይሰውራታል። ወጨጫ ሥር የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው መሐል ከተማው ገና ፀሐይ ላይ ሳለ ጥላ የሚያርፍበት በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ግን የሰፈር ጉዳይ ነው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ቢቆም ይጠፋል። በኬንትሮስ የመጣው ልዩነት ሜዳ ላይ ቆሙ፣ ጋራ ላይ ውጡ፣ ያው ነው።

ተራራና አድማስ ሳያምታታው እውነቱን ማየት ለሚፈልግ ዘዴ አለ፤ መውጫና መግቢያን ትቶ ቀትርን መለካት ነው። አንድ ሜትር የምትሆን ዱላ ለጥ ባለ መሬት ላይ በቱንቢ አቅንቶ መትከል፣ ከዚያ ዱላዋን መሐል አድርጎ ክብ መሥራት። ጠዋት የጥላው ጫፍ እያጠረ መጥቶ ክቡን ሲነካ ሰዓቱን መጻፍ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ረዝሞ ያንኑ ክብ እንደገና ሲነካ ያንንም መጻፍ። የሁለቱ አጋማሽ የቦታው እውነተኛ ቀትር ነው። በመጋቢት 11 አሶሳ ላይ ጥላው ክቡን ጠዋት 4:00 ከነካ መልሶ የሚነካው 9:38 ላይ ስለሆነ ቀትሩ 6:49 ይሆናል። ጅግጅጋ ላይ ግን 4:00 የነካው ጥላ 8:32 ላይ ይመለሳል፣ ቀትሩ 6:16 ነው። እዚህም 33 ደቂቃ። አንዳንዶች ክቡን ትተው «ጥላው በጣም ያጠረበትን ሰዓት» በዓይን ለመያዝ ይሞክራሉ፤ በእኛ ሀገር በዚያ ወር ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስለምትቃረብ ጥላው ለረጅም ደቂቃ ከእግር ሥር ያለ ይመስላል፣ እንዲህ ያለው ልኬት በቀላሉ አሥር ደቂቃ ይስታል።

«ስለዚህ የምዕራቡ ሰው ከምሥራቁ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የፀሐይ ብርሃን ያጣል።»

ከላይ ያሉትን አራት ሰዓቶች መቀናነስ ይበቃል። በዚያ ቀን ሁለቱም ከተሞች የሚያገኙት 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ምዕራቡ ጠዋት ያጣውን ማታ ይወስዳል።

የቀንን ርዝመት የሚለውጠው ኬክሮስ ነው፣ ለዚህ ደግሞ መቀሌንና ሞያሌን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። ሁለቱም 39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን መቀሌ ከምድር ወገብ 13.5 ዲግሪ ስትርቅ ሞያሌ 3.5 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። ሰኔ 14 መቀሌ ላይ ፀሐይ ንጋት 11:56 ወጥታ ምሽት 12:51 ትገባለች፤ ሞያሌ ላይ 12:16 ወጥታ 12:35 ትገባለች። መቀሌ በጠዋትም ቀድማለች፣ በማታም ዘግይታለች፤ ቀኗ ከሞያሌ በ36 ደቂቃ ይበልጣል። በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጥና የሞያሌ ቀን ይረዝማል። የምሥራቅና የምዕራቡ ልዩነት ግን ወቅት አይገለብጠውም። ሁለት ከተሞችን ስናወዳድር መውጫውም መግቢያውም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተንሸራተተ ጉዳዩ የኬንትሮስ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ የኬክሮስ ነው። ጸሐፊው የኬንትሮሱን ክስተት በኬክሮሱ ሕግ ስለዳኙት ነው ግማሽ ሰዓት የጠፋባቸው።

«የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሚቆጠር ጠዋት 12 ሰዓት በመላው ኢትዮጵያ ፀሐይ የምትወጣበት ነው። ችግሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው።»

ይህኛው ብዙ ሰው የሚስማማበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የአቆጣጠራችን ልማድ ከንጋት የተነሣ መሆኑ እውነት ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሰዓት ግን ፀሐይን አያይም። ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተቀንሶ የሚነበብ ቁጥር ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ደግሞ የቆመው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ይህ መስመር የሚያልፈው ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ከዋርዴር ትንሽ ወደ ምዕራብ ነው። ሰዓታችን በአማካይ ከፀሐይዋ ጋር የሚገጥመው እዚያ ብቻ ሲሆን ከዚያ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር በየዲግሪው አራት ደቂቃ እየራቀ ይመጣል። አዲስ አበባ 38.75 ላይ ስለሆነች ቀትሯ በአማካይ 6:25 ነው፣ ስድስት ሰዓት አይደለም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በአንድም ቀን በ12 ሰዓት አትወጣም። በጣም ቀድማ የምትወጣው በግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው፣ ያኔም 12:04 አልፏል። አሶሳ ላይ ከ12:19 በፊት ፈጽሞ አትወጣም፤ በጥር አጋማሽ እንዲያውም 1 ሰዓትን ታሳልፋለች። ጅግጅጋ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ከ12 ሰዓት በፊት ወጥታ ትጠብቃለች። በነገራችን ላይ የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች መዝገብ `Africa/Addis_Ababa` በሚለው ሥር ከ1936 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረውን ሰዓት ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የቀደመ ብሎ ይመዘግበዋል። ከሦስት ሰዓት ሲቀነስ የቀረው 25 ደቂቃ ያህል መሆኑን ልብ ይሏል፤ አሁን በአዲስ አበባ ቀትር ላይ የምናየው መዘግየት ራሱ ነው።

ሰዓትና ፀሐይ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ፍንትው ብሎ የሚታየው መተማ ላይ ነው። ሱዳን በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ከግሪንዊች ሁለት ሰዓት በሚቀድመው ቀጠና ገብታለች። መተማ ዮሐንስና ጋላባት ድንበሩን ይዘው ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው፤ ፀሐይዋ በሁለቱም ላይ በአንድ ደቂቃ ትወጣለች። መጋቢት 11 ያንኑ ንጋት መተማ ላይ ያለ ሰው 12:39 ይለዋል፣ ጋላባት ያለው የሐበሻ ነጋዴ የሱዳንን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ካነበበው ደግሞ 11:39 ይሆንበታል። በፈረንጁ 6:39 እና 5:39 ብንለውም ልዩነቱ አይጠፋም፤ ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መደመር የፀሐይዋን መዘግየት በአንዲት ደቂቃ አይለውጠውም።

«በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ፀሐይ እኩል መውጣት አለባት። ልዩነት ካለ ቀጠናው ተሳስቷል፣ ሀገሪቱም ለሁለት መከፈል አለባት።»

የሰዓት ቀጠና ሲፈጠር ጀምሮ በውስጡ ልዩነት እንዲኖር ታስቦ ነው። መደበኛ ስፋቱ 15 ዲግሪ ሲሆን በምሥራቅ ጫፉና በምዕራብ ጫፉ መካከል አንድ ሙሉ ሰዓት የፀሐይ ልዩነት ይኖራል። ይህንን ልዩነት ዜሮ የሚያደርግ ቀጠና ቢፈለግ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሰዓት ይኑረው ማለት ነው፤ ከባቡርና ከቴሌግራፍ በፊት ዓለም እንዲያ ነበረች፣ የተተወውም በዚያ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ በግምት ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ትዘረጋለች፤ አጋጣሚ ሆኖ ልክ የአንድ ቀጠና ስፋት ነው። ችግር አለ ከተባለ በስፋቷ ሳይሆን በአቀማመጧ ነው። በ45ኛው ዲግሪ ላይ የቆመ ቀጠና በንድፈ ሐሳብ የሚሸፍነው ከ37.5 እስከ 52.5 ያለውን ነው። ስለዚህ ከ37.5 ወደ ምዕራብ ያለው ሀገራችን፣ ጅማ፣ ነቀምቴ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ በሒሳቡ ብቻ ከሄድን የሱዳኖቹ ቀጠና ውስጥ ይወድቃል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ፍጹም መሠረት የላቸውም አልልም፤ አሶሳ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ብትመልስ መጋቢት 11 ፀሐይ 11:46 ወጥታ 11:53 ትገባ ነበር፣ ይህም ከዛሬው ይልቅ ለ12 ሰዓት የቀረበ ነው። ደቡብ ሱዳንም ይህንኑ አስባ ይሆናል በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ወደዚያ የተሻገረችው።

ነገር ግን መስመሩን የት እንደሚያሰምሩት ይንገሩን። 37.5 የሚያልፈው በጎንደርና በባሕር ዳር አፍንጫ ሥር ነው። ሁለቱም በጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይወድቃሉ። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ በየጉዞው ሰዓቱን ሊቀይር ነው? ለዚህ ሁሉ መንገላታት የሚገኘው ጥቅም ደግሞ እምብዛም ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የንጋቱ ሰዓት ከወቅት ወቅት ብዙ አይርቅም። አሶሳ ላይ በጣም በዘገየችበት በጥር እንኳ ፀሐይ የምትወጣው 1:04 ገደማ ነው፣ 2 ሰዓት ላይ ትምህርት የሚጀምር ልጅ በጨለማ አይሄድም። ቻይና ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ስፋቷን በአንድ የቤይጂንግ ሰዓት ይዛ ትኖራለች። በምዕራብ ጫፏ ካሽጋር ከተማ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው፣ የሺንጂያንግ ሰዎችም በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሌላ ሰዓት የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። የእኛ ግማሽ ሰዓት ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

«ለጾምም ለጸሎትም ቢሆን በአንድ ሀገር ስላለን የአዲስ አበባውን ሰዓት መከተል ይበቃል።»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህች የመጨረሻዋ ምክር ናት፤ ሌሎቹ ስሕተቶች ማንንም አይጎዱም፣ ይህቺ ግን የሰው ጾም ታፈርሳለች።

በ2017 ዓ.ም. የረመዳን ጾም መጋቢት 11ን ይዞ ነበር። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የገባችው 12:36 ነው። አሶሳ ያለ ጾመኛ ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን የመግሪብ አዛን በቴሌቪዥን ሰምቶ ተምሩን ቢያነሣ፣ ከቤቱ ውጭ ፀሐይ ገና አልገባችም። 17 ደቂቃ ይቀራታል፣ ከአድማስ አራት ዲግሪ ከፍ ብላ ትታያለች። ጅግጅጋ ያለው ደግሞ ፀሐይ ከገባች 16 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው የሚያፈጥረው፤ ጾሙ አይበላሽም፣ በከንቱ ይቆያል እንጂ።

በሱሑር ሰዓት ጉዳቱ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ጎሑ ጅግጅጋ ላይ ከአዲስ አበባ 16 ደቂቃ ቀድሞ ይቀዳል። የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሚበላ የጅግጅጋ ሰው ጎሕ ከቀደደ በኋላ እየበላ ነው። አሶሳ ያለው በአንጻሩ 17 ደቂቃ ቀድሞ አፉን ይዘጋል፣ ይህ አይጎዳውም። ስለዚህ «አንዱን ሰዓት ለሁሉ» የሚለው ምክር ምዕራቡን በማታ፣ ምሥራቁን በጠዋት ያስታል፤ ለጥንቃቄ ተብሎ በጠዋቱም በማታውም ሰዓት ላይ ያው አንድ የደቂቃ ቁጥር ቢጨመር ወይም ቢቀነስም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያድንም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ከአዲስ አበባ 38.75 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በየዲግሪው አራት ደቂቃ መቀነስ፣ ወደ ምዕራብ መጨመር ነው። ለጅማ 8 ደቂቃ ይጨመራል፣ ለጋምቤላ 17። ለሐረር 13 ደቂቃ ይቀነሳል፣ ለጎዴ 19። ይህ ሒሳብ በደንብ የሚሠራው ግን ከተማው በኬክሮስ ከአዲስ አበባ ብዙም ካልራቀ ነው። መቀሌን ብንወስድ በኬንትሮሱ ብቻ ፀሐይ ከአዲስ አበባ 3 ደቂቃ ቀድማ መግባት ነበረባት። ሆኖም ሰኔ 14 ላይ 5 ደቂቃ ዘግይታ ትገባለች፣ በታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ 11 ደቂቃ ቀድማ። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ወቅቶቹን ሁሉ ስለሚዞር ለመቀሌ፣ ለሞያሌ፣ ለጂንካ ቋሚ የደቂቃ ቁጥር መጻፍ አይቻልም፤ ለእነዚህ በቀኑ የተሰላ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ስልክ ላይ የጸሎት ሰዓት የሚጠቀም ሰውም አንድ ነገር ይመልከት። ስልኩ የሰዓት ቀጠናውን «አዲስ አበባ» ብሎ ቢያሳይ ስሕተት የለውም፣ ያ ስም የመላው ሀገሪቱ ቀጠና መጠሪያ ነው። የጸሎት መተግበሪያው ራሱ ከተማውን «አዲስ አበባ» ካለ ግን ለአሶሳ የአዲስ አበባን ፀሐይ እያሰላ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው የመገኛ ቦታ ፈቃዱ ሲዘጋ ስለሆነ ከተማውን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ለማረጋገጥም ቀኑን መጋቢት 11 አድርጎ የመግሪብን ሰዓት ማየት ነው፤ አሶሳ ላይ 12:53 አካባቢ ካላለና 12:36 ካለ ከተማው አልተቀየረም።